አጭበርባሪ ጆርናልን ከጽሑፍ ጥሪው መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚያተኩረው በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ ነው፤ የጥናት ጽሑፍ ጥሪ ሲደርስዎ፣ ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት፣ ጥሪው ራሱ ስለ ላኪው ምን እንደሚያጋልጥ። ለማሳያ የምንጠቀምበት ጥሪ የአንድ የተወሰነ ጆርናል አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሚደርሱ በርካታ ተመሳሳይ ጥሪዎች የተውጣጣ ነው። ጥሪው የደረሰው ስለ ጤፍ ማዳበሪያ አጠቃቀም በአንድ ጉባኤ ላይ ጽሑፍ ላቀረበ የሰብል ሳይንስ መምህር ነው እንበል። ኢሜይሉ የጉባኤውን ጽሑፍ ርዕስ ጠቅሶ «እጅግ የላቀ ሥራ» ካለ በኋላ፣ ለቅጽ 12 ቁጥር 6፣ ማለትም ለጁን 2025 ወርኃዊ እትም ጽሑፍ እንዲልክ ይጋብዘዋል። የመላኪያው የመጨረሻ ቀን ጁን 25 ነው፤ ውጤቱ በ3 ቀን ይገለጻል፤ እትሙ ጁን 30 ይወጣል። ጆርናሉ 7.832 ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም ጽሑፎቹ በአማካይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ መለኪያ፣ እንዳለው፣ ስኮፐስ በተባለው የጆርናሎች መዝገብና በጉግል ስኮላር እንደተመዘገበ፣ ከሕክምና እስከ ሕግ ያሉ ዘርፎችን ሁሉ እንደሚቀበል ይገልጻል። ጽሑፉ የሚላከው መጨረሻው gmail.com በሆነ አድራሻ ነው። ስለ ክፍያ የተባለ ነገር የለም።

ያልጠየቅሁት ጥሪ በኢሜይል ስለመጣልኝ ብቻ ጆርናሉን መጠርጠር አለብኝ?

አይገባም። ስመ ጥር አሳታሚዎችም በዘርፉ ለታወቁ ተመራማሪዎች ያልተጠየቀ ጥሪ ይልካሉ፤ በተለይ ልዩ እትም ሲያዘጋጁ። ልዩነቱ ያለው በጥሪው ይዘት ነው። የእውነተኛ ልዩ እትም ጥሪ ጠበብ ያለ ርዕሰ ጉዳይና በስም የሚታወቁ ተጋባዥ አርታኢዎች ይኖሩታል፤ ብዙውን ጊዜ ወራት የሚቆይ የመላኪያ ጊዜ ይሰጣል፤ ጽሑፉም የሚላከው ጆርናሉ ዘወትር በሚጠቀምበት የመቀበያ ሥርዓት በኩል ነው። ጥሪው ጥርጣሬ ካሳደረብዎ በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ አይጫኑ፤ የጆርናሉን ስም ራስዎ ፈልገው ድረ ገጹን ይክፈቱና ጥሪው እዚያም ተለጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ።

ጥሪውን ከፍቼ በመጀመሪያ የማየው ምንድን ነው?

የቀን መቁጠሪያውን። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኢምፓክት ፋክተሩን ነው፤ ነገር ግን ቁጥር በቀላሉ ይፈጠራል፣ በጥሪው ላይ የተጻፉት ቀናት ግን ሳያስቡት እውነቱን ይናገራሉ።

የአቻ ግምገማ የሚወስደውን ጊዜ እናስላ። አርታኢው ጽሑፉን ራሱ አንብቦ ለግምገማ የሚበቃ መሆኑን ይወስናል። ከዚያም ስለ ጤፍና ስለ አፈር ለምነት የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን ይፈልጋል፤ ከተጠየቁት መካከል አንዳንዶቹ ጊዜ የለንም ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ከነጭራሹ መልስ አይሰጡም። የተስማሙት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይሰጣቸዋል፤ እሱም ቢሆን ይዘገያል። አስተያየቱ ሲመጣ ጸሐፊው ያርማል፣ የታረመው እንደገና ይታያል። ይህ ሁሉ በፈጠነ ጆርናል እንኳ ሳምንታትን፣ በአብዛኛው ደግሞ ወራትን ይወስዳል። ጁን 25 የደረሰ ጽሑፍ ጁን 30 ታትሞ ይወጣል የሚል ጥሪ፣ በእነዚህ አምስት ቀናት ውስጥ ከላይ የተዘረዘረው አንዱም እንደማይፈጸም ራሱ ነግሮናል። ሌላ ማስረጃ ባይገኝ እንኳ ይህ ብቻውን ጽሑፉን ላለመላክ በቂ ይመስለናል።

ስሌቱን ማረጋገጥ ካስፈለገ የጆርናሉን የመጨረሻ እትም ይክፈቱና አምስት ያህል ጽሑፎችን ይመልከቱ። በአብዛኞቹ ጽሑፎች የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽሑፉ የደረሰበት፣ ተቀባይነት ያገኘበትና የታተመበት ቀን ይጻፋል። የማሳያችን ጆርናል ጽሑፎች በአንድ ወር በ2ኛው ቀን ደርሰው በ4ኛው ቀን ተቀባይነት አግኝተው በ5ኛው ቀን ወጥተው ከሆነ፣ የጥሪው ፍጥነት የማስታወቂያ ማጋነን ብቻ አለመሆኑን ያውቃሉ። ቀኖቹ ጭራሹን ካልተጻፉ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ቢሆንም ልብ ማለት ይገባል። በዚያው አጋጣሚ ርዕሶቹን ማንበብም ይጠቅማል። በአንድ እትም ውስጥ የጥርስ ሕክምና፣ የባንክ ብድርና የኮንክሪት ጥንካሬ ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ እነዚህን ሁሉ ሊገመግም የሚችል የአርታኢያን ቡድን ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የቀን ጉዳይ ሌላም መልክ አለው። በየዓመቱ አንድ ቅጽ የሚያወጣ ጆርናል በ2025 ቅጽ 12 ላይ ከደረሰ ሥራ የጀመረው በ2014 ነው ማለት ነው። የድረ ገጹ ስም መቼ እንደተመዘገበ lookup.icann.org ላይ በነፃ ይታያል። ምዝገባው የ2023 ከሆነና የቅጽ 1 እስከ 9 ማኅደር ባዶ ከሆነ ወይም «በጥገና ላይ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለበት፣ ዕድሜው የተፈጠረ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እውነተኛ ጆርናሎችም አሳታሚ ሲቀይሩ አዲስ የድረ ገጽ ስም ይይዛሉ። የእነሱ የቀድሞ ቅጾች ግን ተከፍተው ይነበባሉ።

በጥሪው ላይ የተጻፈው ኢምፓክት ፋክተር እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በተለምዶ ኢምፓክት ፋክተር ሲባል የሚታወቀው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ «ጆርናል ሳይቴሽን ሪፖርትስ» በተሰኘው ዓመታዊ ሪፖርቱ የሚያወጣው ነው። ይህን ቁጥር ሊያገኙ የሚችሉት በኩባንያው ዌብ ኦፍ ሳይንስ ውስጥ የተካተቱ ጆርናሎች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የጆርናሉን ስም mjl.clarivate.com ላይ መፈለግ ይበቃል። እዚያ ከሌለ በጥሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ይህኛው ኢምፓክት ፋክተር አይደለም።

አጭበርባሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ መለኪያ ይጠቀማሉ። «ግሎባል ኢምፓክት ፋክተር»፣ «ሳይንቲፊክ ጆርናል ኢምፓክት ፋክተር» እና «ዩኒቨርሳል ኢምፓክት ፋክተር» በጥሪዎች ላይ ደጋግመው የሚታዩ ስሞች ናቸው፤ አንዳቸውም ከክላሪቬት ጋር ግንኙነት የላቸውም። ሌላ ትንሽ ግን ጠቃሚ ምልክት አለ። ክላሪቬት እ.ኤ.አ. በ2023 ካወጣው ሪፖርት ጀምሮ ኢምፓክት ፋክተርን ከነጥብ በኋላ በአንድ አኃዝ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ በ2025 በተላከ ጥሪ ላይ የወቅቱ ነው ተብሎ የቀረበ 7.832 ከዚያ ሪፖርት የተወሰደ ሊሆን አይችልም። የማሳያችን መምህር ይህን ለማወቅ ድረ ገጽ መክፈት እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

«በስኮፐስ የተመዘገበ» የሚል ጥሪስ? አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. ቁጥርም አለው።

ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው። አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. ተከታታይ ኅትመቶችን ለመለየት የሚሰጥ ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር እንጂ የጥራት ምስክር ወረቀት አይደለም። ቁጥሩን የሚሰጡ ማዕከላት የጆርናሉን ግምገማ አይመረምሩም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ቁጥሩን portal.issn.org ላይ ሲያስገቡ የተመዘገበውን ርዕስ ያሳይዎታል። ርዕሱ ከጥሪው ጋር ካልተመሳሰለ ቁጥሩ የሌላ ኅትመት ነው ማለት ነው፤ ምንም ውጤት ካልመጣ ደግሞ ቁጥሩ ፈጠራ ሊሆን ይችላል።

ጉግል ስኮላር ጽሑፎችን ከድረ ገጾች በራስ ሰር የሚሰበስብ መፈለጊያ እንጂ ጆርናሎችን መርጦ የሚያስገባ አካል አይደለም፤ በዚያ መገኘት እንደ ክብር መጠቀሱ ራሱ ትዝብት ላይ ይጥላል። ስኮፐስ ግን መርጦ ያስገባል፤ scopus.com/sources ላይም ያለ ክፍያ መፈለግ ይቻላል። ስሙ መገኘቱን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ የሽፋኑን ዓመታት ያንብቡ። ስኮፐስ የጥራት ችግር ያገኘባቸውን ጆርናሎች መመዝገብ ያቆማል፤ የቀድሞዎቹ ዓመታት ግን በዝርዝሩ ላይ ይቀራሉ። ሽፋኑ በ2021 የተቋረጠ ጆርናል ዛሬም ጥሪው ላይ «በስኮፐስ የተመዘገበ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ለማዕረግ እድገት ጽሑፉን ያቀረበ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ኮሚቴው ፊት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የጠለፋ ጉዳይ ነው። አጭበርባሪዎች የአንድን እውነተኛ ጆርናል ስምና አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. ቁጥር ወስደው ተመሳሳይ ድረ ገጽ ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ጥሪ እስካሁን የተጠቀሱትን የስምና የቁጥር ፍተሻዎች በሙሉ ያልፋል፤ ምክንያቱም ስሙም ቁጥሩም ትክክለኛ ናቸው፣ ሐሰቱ ድረ ገጹ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠለፉት ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎችና ማኅበራት የሚያዘጋጇቸው፣ በወረቀት ብቻ የሚወጡ ወይም ደካማ ድረ ገጽ ያላቸው ጆርናሎች ናቸው። መፍትሔው የድረ ገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል፣ ከጥሪው ውጭ በሆኑ ሁለት ምንጮች ማመሳከር ነው፤ አንደኛው የአይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. መዝገብ፣ ሁለተኛው ጆርናሉን የሚያሳትመው ዩኒቨርሲቲ ወይም ማኅበር የራሱ ገጽ ቢሆን ይመረጣል። የተጠለፉ ጆርናሎች ጽሑፎች ስኮፐስ ውስጥ ጭምር ሰርገው የገቡበት አጋጣሚ ስላለ አንድ ምንጭ ብቻ አይበቃም። ሪትራክሽን ዎች የተባለው ድረ ገጽም ከ2022 ጀምሮ የተጠለፉ ጆርናሎችን ዝርዝር በነፃ ያቀርባል።

ክፍያ መጠየቁ የአጭበርባሪነት ምልክት ነው?

ክፍያው ሳይሆን መደበቁ ነው ምልክቱ። ለአንባቢ በነፃ የሚከፈቱ ብዙ የተከበሩ ጆርናሎች ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከጸሐፊው ወይም ከተቋሙ በሚሰበስቡት የማሳተሚያ ክፍያ ነው። እነዚህ የክፍያውን መጠን፣ መቼ እንደሚከፈልና ማን ሊቀነስለት እንደሚችል አስቀድመው በድረ ገጻቸው ላይ ይጽፋሉ። ከኢትዮጵያ ለሚጽፉ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትርጉም አለው፤ ታላላቆቹ አሳታሚዎች ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑ አገሮች ለሚመጡ ጽሑፎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል የመተው አሠራር ስላላቸው፣ ጽሑፉን ከመላክ በፊት መጠየቅ ያዋጣል። የግምገማው ውጤትም ክፍያው በመተዉ አይለወጥም።

በማሳያችን ጥሪ ላይ ስለ ክፍያ ምንም አለመባሉ በጎ ምልክት አይደለም። የተለመደው አካሄድ ጽሑፉ «ተቀባይነት አግኝቷል» ከተባለ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲከፈል የሚያዝ ደብዳቤ መላክ ነው። ጸሐፊው ጽሑፌን ልውሰድ ሲል ደግሞ የመውጫ ክፍያ ይጠየቃል። ይህ አሠራር በፍርድ ቤት ታይቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2016 መቀመጫውን ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ ባደረገው ኦሚክስ በተባለ አሳታሚ ላይ ክስ መሥርቶ ነበር። ክሱ ኩባንያው ስለ አቻ ግምገማው ሐሰት መናገሩን፣ ክፍያውን ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ ከተባለ በኋላ ብቻ መግለጹን፣ ጽሑፋቸውን ለመውሰድ የጠየቁ ጸሐፊዎችንም መከልከሉን ይዘረዝራል። በማርች 2019 የኔቫዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወስኗል።

የክፍያው መጠን ራሱም ሊያታልል ይችላል። አጭበርባሪ ጆርናሎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ከታወቁት አሳታሚዎች እጅግ ያነሰ ገንዘብ ነው፤ ይህም ከኪሱ ለሚከፍል መምህር የሚያማልል ነው። ገንዘቡ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ወይም በሐዋላ ድርጅት በኩል እንዲላክ ከተጠየቀ ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

የአርታኢያን ቦርዱ ላይ የማውቃቸው ፕሮፌሰሮች ስም ካለስ?

ስም መኖሩ ሰውየው ማወቁን አያረጋግጥም። በ2017 የፖላንድ ተመራማሪዎች በኔቸር ላይ ያሳተሙት ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ለአርታኢነት የማይበቃ የሥራ ልምድ ያላት የፈጠራ ሰው አበጅተው፣ አርታኢ ልሁን የሚል ማመልከቻ በስሟ ለ360 ጆርናሎች ላኩ። ከእነዚህ 48 ተቀበሏት። ከተቀበሏት ውስጥ 40ዎቹ በወቅቱ ይታወቅ ከነበረው የአጠራጣሪ ጆርናሎች ዝርዝር የተወሰዱ ነበሩ፤ ከክላሪቬት ሪፖርት ከተመረጡት 120 ጆርናሎች ግን አንዱም አልተቀበላትም።

ስለዚህ በቦርዱ ላይ የተጻፉ ሁለት ሰዎችን ይምረጡና በየዩኒቨርሲቲያቸው ድረ ገጽ ላይ ያለውን የግል ገጻቸውን ይመልከቱ። እውነተኛ አርታኢ ይህን ኃላፊነት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ገጽ ላይ ይጠቅሳል። ካልተጠቀሰ በተቋማዊ አድራሻቸው ሁለት መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ብዙዎች ስማቸው ያለ ፈቃድ እንደተለጠፈ የሚያውቁት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሳቸው ነው። ከአገራችን የተጠቀሰ ሰው ካለ ደግሞ ስልክ መደወል ይቀላል።

የቋንቋ ስህተት የሞላበት ጥሪ አጭበርባሪ ነው ማለት ይቻላል?

ደካማ ምልክት ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ታማኝ አርታኢዎች ስህተት ይሠራሉ፤ አጭበርባሪዎቹ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን የተጣራ ጥሪ እየጻፉ ነው። ከሰዋስው ይልቅ ውዳሴውን ይመልከቱ። አንድም ጽሑፍ ያላሳተመን ሰው «በዘርፉ ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፉ» የሚል ጥሪ የተጻፈው ስለ እርሱ ምንም ሳይታወቅ ነው።

የአጭበርባሪ ጆርናሎችን ዝርዝር አይቶ መገላገል አይቻልም?

በጣም የታወቀው ዝርዝር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዴንቨር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ጄፍሪ ቢል ያዘጋጁት ነበር፤ በጃንዋሪ 2017 ከድረ ገጻቸው ወርዷል። ቅጂዎቹ በሌሎች ሰዎች እጅ እየተዘዋወሩ ቢሆንም፣ በአሮጌ ዝርዝር ላይ አለመገኘት ትናንት ለተከፈተ ጆርናል ማረጋገጫ አይሆንም።

የመልካሞቹ ዝርዝርም ወሰን አለው። ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን በ2013 በሳይንስ መጽሔት ላይ እንደዘገበው፣ ጉልህ ስህተት ሆን ተብሎ የተከተተበት የፈጠራ ጽሑፍ ለ304 ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል፤ ከተቀበሉት መካከል በነፃ የሚነበቡ ጆርናሎችን በሚዘረዝረው የ doaj.org መዝገብ ላይ የነበሩም ይገኙበታል። መዝገቡ ከዚያ በኋላ መስፈርቱን አጥብቆ ጆርናሎቹ ሁሉ እንደገና እንዲያመለክቱ አድርጓል፤ በ2016ም ሦስት ሺህ የሚሆኑ ጆርናሎችን አስወጥቷል። ዛሬ በዚያ መገኘት ጠንካራ ምልክት ነው፤ በጥሪው ላይ ያሉትን ቀናት ከማስላት ግን አያድንም።

አዲስ ወይም የአገር ውስጥ ጆርናል በእነዚህ መስፈርቶች ያለ አግባብ አይወድቅም?

ይህ ስጋት ትክክል ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ጆርናል ኢምፓክት ፋክተር ላይኖረው፣ ድረ ገጹም ለሳምንት ሊዘጋ፣ ጽሑፍ የሚቀበለውም በኢሜይል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጆርናል ከአጭበርባሪው የሚለየው የሌለውን አለኝ ስለማይል ነው። የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ይታወቃል፤ አርታኢው ቢሮው ውስጥ ይገኛል፤ በተለምዶም ችግሩ መፍጠኑ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። የአገር ውስጥ ጆርናል ከሆነ ከትምህርት ሚኒስቴር የእውቅና ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይቻላል። የአፍሪካ ጆርናሎችን በሚያሰባስበው ajol.info ላይ ደግሞ ብዙ ጆርናሎች በአሳታሚነት አሠራራቸው ተመዝነው የተሰጣቸው ደረጃ በገጻቸው ላይ ይታያል።

ጽሑፌን ልኬአለሁ፤ ነገር ግን እስካሁን አልከፈልኩም። ምን ላድርግ?

የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ቅጽ ከላኩልዎ አይፈርሙ፤ ገንዘብም አይላኩ። ጽሑፉን ማንሳትዎን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በኢሜይል ይጻፉ፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ካሉም ግልባጩ ይድረሳቸው። ማረጋገጫ ካልሰጡ ደብዳቤውን በሳምንት ልዩነት ይድገሙት፤ የተጻጻፉትን ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ጥሪ ጨምሮ፣ ያስቀምጡ። ወደ ሌላ ጆርናል ከመላክዎ በፊት የጽሑፉን ርዕስ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉ፤ ያለ ፈቃድዎ ወጥቶ ከሆነ የተፈጠረውን ለአዲሱ አርታኢ ከእነ ደብዳቤዎቹ በመሸኛ ደብዳቤዎ ላይ ያስረዱ። ያለዚያ ሌላ ቦታ የታተመ ጽሑፍ እንደላኩ ሊቆጠርብዎ ይችላል።